ሲወለድ ሰምቶ የነበረ ልጅ ለምን ቆይቶ መስማት ያቆማል?

አንድ ዓመት ተኩል ሞልቶት ቃል ያልወጣው ልጅ ካለ ጎረቤት የሚለው አያጣም። ጅማ ውስጥ ኮቺም ሂዱ ቢሺሼ፣ ሰፈሩ ይለያያል እንጂ ወሬው አንድ ነው። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል።» «አባቱም በሦስት ዓመቱ ነው የተናገረው።» አያት ደግሞ «ነፋስ መትቶት ይሆናል» ትላለች። እናት ትሰማለች፣ ትጽናናለች፣ ሌላ ስድስት ወር ያልፋል።

ነገሩን ለማስረዳት አንዲት እናት እናስብ። ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች። ልጁ ሲወለድ ደህና ነበር፤ አልቅሷል፣ ጠብቷል፣ ክብደቱም ጥሩ ነበር። በአምስት ወሩ ድምፅ ወደሰማበት ይዞራል። በዘጠኝ ወሩ «ባባባ» ይላል። ዓመት ሲሞላው ግን ድምፁ እየቀነሰ መጣ። አሁን የሚዞረው የበሩን መከፈት ሲያይ ብቻ ነው። በቤተሰቡ መስማት የተሳነው ሰው የለም። ልጁ ማጅራት ገትር አልያዘውም። እናትየዋም በእርግዝናዋ አልታመመችም። አንድ ሰሞን ድካም ቢጤ ተሰምቷት ነበር፤ እሱንም «የእርግዝና ነው» ብላ አለፈችው። ያኔ ቤቷ ውስጥ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት።

ፍንጩ ያለው እዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሚባል አለ። ባለሙያዎች አሳጥረው ሲኤምቪ ይሉታል። አብዛኛው ሰው ስሙን ሰምቶ አያውቅም፤ ቫይረሱን ግን ይዞታል። እንደኛ ባሉ አገሮች ለመውለድ ከደረሱ ሴቶች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተይዘው አልፈዋል። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፣ ቢኖረውም ጉንፋን ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። ተኝቶ ይቆያል፣ አንዳንዴ ይነቃል።

ችግሩ ፅንስ ላይ ሲደርስ ነው። በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፍና የፅንሱን ውስጠኛ ጆሮ ይነካል። ከዘር ውርስ ውጪ ካሉት ከማሕፀን የሚመጡ የመስማት ችግር ምክንያቶች መካከል ግንባር ቀደሙ ይሄ ቫይረስ ነው። በሀብታም አገሮች ከ200 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል። ቫይረሱ በብዛት በሚዘዋወርባቸው አገሮች ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል።

ታዲያ ልጁ ሲወለድ ይሰማ ከነበረ በኋላ ምን ሆነ? በውስጠኛው ጆሮ፣ ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝምዝ አካል ውስጥ፣ ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ አለ። የመስማት ሴሎች ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት በዚህ ፈሳሽ ኃይል ነው፤ ፈሳሹ ለእነሱ ባትሪ ነው ማለት ይቻላል። ባትሪውን የሚሞላው በኮክሊያው ግድግዳ ላይ ያለ፣ ደም ሥር የበዛበት ስስ ሽፋን ነው። ሲኤምቪ ይህን ሽፋን ይወዳል። ሽፋኑ ሲጎዳ ሴሎቹ ወዲያው ላይሞቱ ይችላሉ። ኃይላቸው ግን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጉዳቱ በወር፣ በዓመት፣ አንዳንዴም በአራትና በአምስት ዓመት ብቅ የሚለው። አንዱ ጆሮ ቀድሞ ሊሄድ፣ ሌላው ሊከተል ይችላል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። በሲኤምቪ ምክንያት መስማት ከሚያጡ ልጆች ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ ይሰማሉ። በተወለዱ በማግስቱ የጆሮ ምርመራ ቢደረግላቸው «አልፏል» ይባላሉ። ምርመራው አልዋሸም፤ የዚያን ቀን ጆሮው ደህና ነበር። ቫይረሱ ይዟቸው ከሚወለዱ ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በዓይን የሚታይ ምንም ምልክት የላቸውም። ከእነዚህ ምልክት አልባ ልጆችም ከመቶው ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት የመስማት ችግር ይገጥማቸዋል። ምልክት ይዘው በተወለዱት ላይ ግን አደጋው ከሲሶ እስከ ግማሽ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሁለት ዓመቷ ልጅ እንመለስ። ሲኤምቪ በአየር እንደ ጉንፋን አይበርም። የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንት፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በጡት ወተት ነው። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከተያዙ በኋላ በምራቃቸውና በሽንታቸው ቫይረሱን ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይረጫሉ። ልጅቷ አትታመምም፣ ትቦርቃለች። ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ አሻንጉሊት በየተራ ወደ አፍ ይገባል። ከዚያ ወደ ቤት ትመጣለች።

እናት ደግሞ ምን ታደርጋለች? ልጇን ታጎርሳለች፣ ጣቷ የልጇን አፍ ይነካል፣ በዚያው ጣት ለራሷ ትጎርሳለች። ልጅቷ የተወችውን ፍርፍር «ይጣላል እንዴ?» ብላ ትጨርሳለች። ወተቱ እንዳያቃጥላት ጡጦውን በአፏ ትሞክራለች። የወደቀ ጡጦ አንስታ በምራቋ አጥባ ትመልሳለች። ከንፈሯን ትስማለች። ፖፖ ትደፋለች፣ ከዚያ እጇን በልብሷ ትጠርጋለች። ይሄ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ማንም እናት በዚህ ልትወቀስ አይገባም። በእርግዝና ወራት ግን ቫይረሱ የሚሄድበት መንገድ ይሄው ነው።

መከላከያውም ከዚሁ ይመጣል። ለሲኤምቪ እስካሁን በመደበኛነት የሚሰጥ ክትባት የለም። ያለው የእጅና የአፍ ጥንቃቄ ነው። ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ ከቀየሩ፣ ፖፖ ከደፉ፣ ንፍጥ ከጠረጉ፣ ልጅ ካጎረሱ በኋላ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጅን 20 ሰከንድ ያህል መታጠብ። ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ከጀሪካን በጆግ ማፍሰስም ያው ሥራ ነው። ለልጁ የራሱ ማንኪያ፣ የራሱ ኩባያ፣ የራሱ ሳህን መስጠት፤ ትርፉን አለመጨረስ። ጡጦውን በአፍ ሳይሆን ሁለት ጠብታ ክንድ ላይ አድርጎ መሞከር። ልጁ ሲሳም ግንባሩን ወይም ፀጉሩን መሳም። ማቀፍ፣ አብሮ መተኛት፣ ማጠብ ምንም ችግር የለውም። ልጅን ከእናት ማራቅ አያስፈልግም። ባልና አያት ቢያግዙ ደግሞ ይቀላል፤ ማጉረሱን ለእነሱ መተው ይቻላል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን። ይህ ጥንቃቄ እንደሚሠራ በጥናት የታየው በዋናነት ከዚህ በፊት ቫይረሱ ባልያዛቸው እርጉዞች ላይ ነው። የኛ አገር እናቶች አብዛኞቹ ቀድመው ተይዘዋል። ቀድሞ መያዝ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና የተያዘች እናት ከሦስት አንድ ያህል ዕድል ለፅንሷ ታስተላልፋለች። ቀድሞ ለተያዘችው ግን ዕድሉ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ቢሆንም ዜሮ አይደለም። የተኛው ሊነቃ፣ ወይም ሌላ ዓይነት ሲኤምቪ እንደገና ሊይዛት ይችላል። እንዲህ ዓይነት እናቶች ብዙ ስለሆኑ በድምሩ ሲታይ በእኛ አገር አብዛኞቹ የሲኤምቪ ልጆች ከእነዚሁ እናቶች ይወለዳሉ። ስለዚህ ሳሙናው ሙሉ ዋስትና አይደለም። ግን ርካሽ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ የተቅማጥ በሽታንም ይከላከላል።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። አንዳንድ እርጉዞች ገንዘብ ከፍለው የሲኤምቪ የደም ምርመራ ያደርጋሉ። «ፖዘቲቭ» ይወጣና ቤቱ ለቅሶ ይሆናል። በኛ አገር አይጂጂ የሚባለው ምርመራ ፖዘቲቭ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ «ከዚህ በፊት ይዞኝ ነበር» ማለት ብቻ ነው። አይጂኤም የሚባለውም ቢሆን ከመጀመሪያው መያዝ በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ ቫይረሱ ሲነቃም ብቅ ይላል። በአንድ ወረቀት ብቻ ማንም «ፅንስሽ ተጎድቷል» ሊላት አይችልም። እንዲህ ያላት ካለ ሌላ ሐኪም ታማክር።

ሕፃኑ ላይ የሚደረገው ምርመራ ግን ትርጉም አለው፣ ቀነ ገደቡም ጥብቅ ነው። ልጁ በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ ምራቁ ወይም ሽንቱ ተወስዶ ፒሲአር በሚባለው ዘዴ መታየት አለበት። ከ21 ቀን በኋላ ቫይረሱ ቢገኝ በማሕፀን ይያዘው ከወሊድ በኋላ መለየት ያስቸግራል። ምክንያቱም በወሊድ ጊዜ ወይም በጡት ወተት የሚይዘውም ብዙ ነው። ይህ ሁለተኛው መያዝ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደን ልጅ ጆሮ አይጎዳም። ስለዚህ በዚህ ፍርሃት ጡት ማቆም ስህተት ነው። ምራቅ ሲወሰድም ጡት ከጠባ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢያልፍ ይመረጣል፤ በአፉ የቀረው ወተት ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። የምራቁ ውጤት ፖዘቲቭ ከሆነም በሽንት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለማን ነው የሚደረገው? ጭንቅላቱ ከሚገባው ያነሰ፣ ክብደቱ ከእርግዝና ዕድሜው ጋር የማይመጣጠን፣ ገና ሲወለድ ጀምሮ ቢጫ የሆነና ቢጫነቱ ያልለቀቀው፣ ቆዳው ላይ ቀይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት፣ ወይም የመጀመሪያውን የጆሮ ምርመራ ያላለፈ ሕፃን ነው። ናሙናው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊያስፈልግ ይችላል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በሃያኛው ቀን መጀመር ዋጋ የለውም። ውጤቱ ሲረጋገጥና ልጁ ምልክት ሲኖረው ቫልጋንሲክሎቪር የተባለ መድኃኒት አለ። በመጀመሪያው ወር ተጀምሮ ለስድስት ወር ይሰጣል። የመስማት መቀነሱን በተወሰነ ደረጃ ይገታል፣ አያድንም። ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚያሳንስ በየጊዜው ደም መመርመር ግድ ነው። ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ የሚሰጥ አይደለም፤ ምንም ምልክት ለሌለው ልጅም በዘፈቀደ አይታዘዝም።

ፅንስን የሚጎዳ ሩቤላ የሚባል ሌላ ቫይረስም አለ፤ የሱ ታሪክ ግን ይለያል። ይሄኛውን በክትባት ማጥፋት ይቻላል፤ የአሜሪካ አህጉር አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015 በክልላቸው የሚዘዋወር ሩቤላ እንደሌለ ተረጋግጦላቸዋል። ጉዳቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ኖርማን ግሬግ የተባለ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም፣ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት በዙበት። እናቶቹን ሲጠይቅ አብዛኞቹ በእርግዝና መጀመሪያ ሽፍታ ወጥቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 አሜሪካ ውስጥ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕፃናት ተጎድተው ተወለዱ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መስማት የተሳናቸው ነበሩ።

ሩቤላ ላይ ወሳኙ ነገር ሳምንቱ ነው። እናት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከተያዘች ፅንሱ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 90 ከመቶ ይደርሳል፤ ዓይን፣ ልብ፣ ጆሮ አንድ ላይ ሊነኩ ይችላሉ። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ አደጋው ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የጆሮው ጉዳት ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሌላ ምልክት ስለሌለው ነው ተደብቆ የሚያድገው። ከ20 ሳምንት በኋላ ጉዳት እምብዛም አይታይም። ችግሩ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን የምታውቀው፣ ጤና ጣቢያ የምትሄደውም፣ ዋናው የአደጋ ጊዜ ከተጋመሰ በኋላ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው መከላከያው ከእርግዝና በፊት መሆን ያለበት።

ክትባቱ ላይ የማይጠፋ ግራ መጋባት አለ። «ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ተከትቤያለሁ» የምትል ሴት ለሩቤላ ተከትባለች ማለት አይደለም። የኩፍኝና የሩቤላ ቫይረስ የተለያዩ ናቸው፣ ሽፍታቸው ግን ይመሳሰላል። በኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በ9 ወር፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በ15 ወር እንደገና ሲሰጥ የቆየው ኩፍኝን ብቻ የሚከላከለው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ክትባት ግን አለ፤ አንዱ መርፌ ለሁለቱም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ይህን ሲጀምሩ ከ80 ከመቶ በላይ ሕፃናትን እንዲያዳርሱ የሚያሳስበው በምክንያት ነው። ጥቂት ልጆች ብቻ ከተከተቡ ቫይረሱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ያልተከተቡት ልጃገረዶች በልጅነታቸው ሳይያዙ ያድጋሉ፤ ሲያረግዙ ይይዛቸዋል። ግማሽ ሥራ ከምንም የከፋ የሚሆንበት ጊዜ ይሄ ነው።

ለማርገዝ ያሰበች ሴት ክትባቱን በግል ክሊኒክም ጠይቃ ልትወስድ ትችላለች። ከወሰደች በኋላ አንድ ወር ሳታረግዝ መቆየት አለባት፣ ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ ነውና። እርጉዝ ሴት አትወስድም። ሳታውቅ ብትወስድም እስካሁን ከክትባቱ የመጣ የሩቤላ ጉዳት አልታየም፤ ፅንሱን ለማስወረድ ምክንያት አይሆንም። ወልዳ እያጠባች መከተብ ትችላለች።

አንድ ሁኔታ ደግሞ እናስብ። ስምንተኛ ሳምንት ላይ ያለች ሴት እህቷ ከአጋሮ ልጇን ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ፊቱ ላይ ቀለል ያለ ሽፍታ ወጣበት፣ ከጆሮው ኋላ እጢ አበጠ፣ በሦስት ቀን ሁሉም ለቀቀው። ሩቤላ ያለበት ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ ሳምንት ቀድሞ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሴትየዋ ሽፍታውን ስታይ አብራ ከርማለች። ምን ትበል? አዋላጇ ጋ ሄዳ እንዲህ ትላለች፦ «ሲስተር፣ ስምንት ሳምንቴ ነው። ሽፍታ ያለበት ልጅ ቤቴ አድሯል። የመጣው በዚህ ቀን ነው።» ቀኑ ወሳኝ ነው። ወዲያው የሚወሰደው ደም አይጂጂ ካለው ጥበቃው ከድሮ ነው፣ ትረጋጋ። ከሌለው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል፤ አዲስ ከታየ ተይዛለች ማለት ነው፣ ቀጣዩ ውይይት ከማሕፀንና ፅንስ ሐኪም ጋር ይሆናል። እሷ ራሷ ሽፍታ ከወጣባት ደግሞ ወረፋ ላይ ከሌሎች እርጉዞች ጋር አትቀመጥ። ገና በር ላይ ትናገር።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ሩቤላ ይዞት የተወለደ ሕፃን በምራቁና በሽንቱ ቫይረሱን እስከ ዓመት ሊያስተላልፍ ይችላል። አራስ ጥየቃ ገንፎ ይዘው ከሚመጡት መካከል እርጉዝ ጎረቤት አትጠፋም። የዚያ ሕፃን ቤተሰብ ይህን ሊነገረው ይገባል፣ እንዲገለል ሳይሆን እርጉዞች ለጊዜው እንዳያቅፉት።

ቂጥኝም የልጅን ጆሮ ይጎዳል። እሱ ግን በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል በአንድ ጠብታ ደም ይታያል፣ በፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል። ያንን ምርመራ ሳያደርጉ መውጣት የለም።

የመጀመሪያዋን እናት አልረሳናትም። ልጇ አሁን አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ 21 ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ምክንያቱ ሲኤምቪ መሆኑን ማረጋገጥ ይከብድ ይሆናል። የሚደረገው ነገር ግን ያው ነው። ቤት ውስጥ ድስት እያንኳኩ መፈተን ያሳስታል፤ ልጁ ንዝረቱን ወይም የእጁን ጥላ ነው የሚከተለው። ከኋላው ሆኖ፣ ጥላ ሳያጠሉ፣ በለስላሳ ድምፅ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ስሙን መጥራት ይሻላል። በአንዱም በኩል ቢሆን ካልዞረ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም መሄድ ነው። እዚያ ልጁ እንዲናገር ሳይጠየቅ፣ ተኝቶ እያለ፣ የመስማት ነርቩ ለድምፅ የሚሰጠው መልስ በሽቦ ይለካል። የጆሮ መርጃ መሣሪያም ሆነ የምልክት ቋንቋ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ቋንቋው በጊዜው ያድጋል። ሁለቱን አንድ ላይ መጀመርም ይቻላል። አንዱ ጆሮ ብቻ ከሆነ የተጎዳው፣ ሌላው ደህና ነው ተብሎ ፋይሉ አይዘጋም። ሲኤምቪ ያለበት ልጅ እስከ ሦስት ዓመቱ በየስድስት ወሩ፣ ከዚያም ትምህርት ቤት እስኪገባ በየዓመቱ ሁለቱም ጆሮዎቹ እንደገና መለካት አለባቸው።